የተፈቀደልዎ ዕረፍት የት ተጻፈ?

በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶቻችን የዓመት ዕረፍት የሚፈቅደውና ከቀሪ ቀናት ላይ የሚቀንሰው ሰው አንድ አይደለም። የሚፈቅደው የቅርብ አለቃ ነው። ሥራ እንዳይበደል አይቶ፣ ማን እንደሚተካ ጠይቆ «እሺ፣ ሂድ» ይላል። መዝገቡ ያለው ግን ሰው ሀብት ክፍል ነው፤ እዚያ የተቀመጠችው ሠራተኛ አለቃው ምን እንዳለ የምታውቀው ወረቀት ወይም መልእክት ሲደርሳት ብቻ ነው። ደመወዝ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ዘንድ የሚደርሰው የጣት አሻራ ማሽኑ ያወጣው ዝርዝር ነው። ፈቃዱ ከአለቃው አፍ ሳያልፍ ከቀረ ሰው ሀብት አያውቀውም፣ ደመወዝ ክፍልም «ቀሪ» ብሎ ይቆርጣል።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ ክፋት የለበትም። ቅጹ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ከሌላ ወረቀት ሥር ይቀራል፤ ወይም አለቃው ራሱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወርና አዲሱ ኃላፊ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አያውቅም። በቃል የተባለውን የሚያስታውሰው ፈቃድ የወጣው ሠራተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ለራሱ ጉዳይ ጥሩ ምስክር አይሆንም።

በግል ድርጅቶች የሚሠራው ሰው የሚተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ በኩል ከሠራተኛው ጎን ነው። (የመንግሥት ሠራተኛው የራሱ ሕግ ስላለው ቀኖቹም አቆጣጠሩም ይለያሉ።) አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ከ16 የሥራ ቀን የማያንስ ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሠራተኛው የተጠቀመበትን ፈቃድ መዝግቦ መያዝን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። ስለዚህ «ቀሪዬን አሳዩኝ» የሚል ሠራተኛ ድርጅቱ አስቀድሞ መያዝ የነበረበትን መዝገብ ነው የሚጠይቀው፤ ውለታ እየለመነ አይደለም።

በሌላ በኩል ይኸው አዋጅ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ ፈቃድ የቀረና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠውን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። አንድ ሳምንት ዕረፍት ማለት አምስት የሥራ ቀን መሆኑን ልብ ይሏል። በቃል ተፈቅዶለት ሳምንት አርፎ የተመለሰ ሰው ጠረጴዛው ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢያገኝ፣ ደብዳቤውን ወዲያው የሚያስነሳለት ፈቃዱ የጸደቀበት ጽሑፍ ነው።

ለምን አንጠይቅም ታዲያ? ይሉኝታ ነው። አለቃ «ሂጂ፣ ችግር የለም» ካለ በኋላ «ይጻፉልኝ» ማለት አላምንዎትም የማለት ያህል ይከብዳል። መውጫው ቀላል ነው፤ አለቃው እንዲጽፍ ከመጠየቅ ይልቅ ሠራተኛው ራሱ ጽፎ አለቃው «ተፈቅዷል» እንዲል ማድረግ ነው። ለአለቃውም ይቀለዋል፤ የሚጠበቅበት አንድ ቃል ብቻ ነው።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ባለፈው ኅዳር በድርጅቱ አምስት ዓመት ስለሞላት የዘመኑ ዕረፍቷ 18 ቀን ሆኗል። ካለፈው ዓመት የተላለፈ 4 ቀን ስላላት በድምሩ 22 ቀን አላት። መሥሪያ ቤቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል። ለጥምቀት ጎንደር ቤተሰቦቿ ዘንድ ልትሄድ አስባ አለቃዋን ጠየቀች፤ እሷም በቃል ፈቀደችላት። በማግሥቱ ጠዋት እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት በቃል በተነጋገርነው መሠረት ከሰኞ ጥር 4 እስከ ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ የዓመት ዕረፍት እንድወጣ ፈቅደውልኛል። ጥር 11 የጥምቀት በዓል ስለሆነ የሚታሰበው 9 የሥራ ቀን ነው፤ ሰኞ ጥር 18 ሥራ እገባለሁ። ከፈቃዱ በፊት ያለኝ ቀሪ ካለፈው ዓመት 4፣ ከዘንድሮው 18፣ በድምሩ 22 ቀን ነው። ለመዝገብ እንዲሆን ማረጋገጫዎን በዚሁ መልእክት ላይ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግልባጩን ለሰው ሀብት ክፍል ልኬያለሁ።»

እዚህ መልእክት ውስጥ ያለ ጉዳይ የገባ ቃል የለም። መነሻውና መመለሻው ቀን ከሌለ «እስከ ዓርብ» የተባለው ዓርብን ይጨምራል አይጨምርም የሚል ክርክር ይነሳል። የቀን ቁጥሩ ከሌለ በዓሉ ተቆጥሮ ይሆናል። የቀድሞው ቀሪ ከሌለ በኋላ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም። ግልባጩ ደግሞ ፈቃዱ ከአለቃዋ ጠረጴዛ እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ እንደኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

በወረቀት ቅጽ ብቻ የሚሠራ ቤት ከሆነ፣ ቅጹ ተፈርሞ መዝገብ ቤት ሲገባ አንድ ቅጂ ለራስ ማስቀረት፣ ካልሆነም በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። በቴሌግራም ለሚጻጻፉ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ እዚያ የተላከን መልእክት አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። መልሱ እንደመጣ ቀንና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ የስክሪን ፎቶ ይነሳ። የአውራ ጣት ምልክት ብቻ የመጣ እንደሆነም «ተፈቅዷል» የሚለውን ቃል በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም፤ ያ ጣት «አይቼዋለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ደግሞ ሥራ በለቀቁ ቀን ይዘጋልና ወሳኙን ማረጋገጫ አትሞ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል።

ሠራተኛዋ አርፋ ተመለሰች። ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ ገና ግማሹ ነው። ቀሪውን በገባች ዕለት ብታይ ላይጠቅማት ይችላል፤ ብዙ ቤቶች ፈቃድን የሚመዘግቡት የወሩ ደመወዝ ሲሠራ ነው። የጥር ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ግን የደመወዝ ወረቀቷንም የፈቃድ ቀሪዋንም ጎን ለጎን ማየት አለባት። ደመወዟ ሙሉ መሆን አለበት። ቀሪዋ ደግሞ ከ22 ላይ 9 ተቀንሶ 13 ይሆናል።

ቁጥሩ 13 ካልሆነ፣ ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ራሱ ቁጥሩ ይናገራል። 12 ከሆነ ጥምቀትን እንደ ሥራ ቀን ቆጥረውታል። 10 ከሆነ ከጥር 4 እስከ 15 ያሉትን ቀናት በሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምረው ቀንሰዋል፤ ሕጉ ግን የሚለው የሥራ ቀን ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን በሚሠራበት ቤት ቅዳሜ ስንት ሆኖ እንደሚታሰብ ከመውጣት በፊት ከውስጥ ደንቡ ወይም ከኅብረት ስምምነቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሁንም 22 ካለ ፈቃዱ አልተመዘገበም ማለት ነው። ይህን አይቶ ዝም የሚል አለ፤ ዘጠኝ ቀን በነጻ ያገኘ ይመስለዋል። ያልተመዘገበ ፈቃድ ግን በአሻራው ዝርዝር ላይ ያለ ምክንያት የቀሩበት ቀን ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ አንድ ቀን መዝገብ ሲመረመር ሁለቱ አይገጥሙም።

ከሁሉም የሚያታልለው ድምሩ ትክክል ሆኖ ውስጡ የተሳሳተ ሲሆን ነው። 13 ቀን ቀርቷታል ይላል፤ ዝርዝሩ ግን «ካለፈው ዓመት 4፣ ከዘንድሮ 9» ነው። ከአሮጌው ሳይሆን ከአዲሱ ተቀንሷል ማለት ነው። በአዋጁ መሠረት የተላለፈ ዕረፍት ከሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በላይ መተላለፍ የለበትም፤ ብዙ ድርጅቶችም ያን ያለፈውን «ተቃጥሏል» ብለው ይሰርዛሉ። ስለዚህ አሮጌዎቹ 4 ቀናት ቀድመው ተቀንሰው፣ የቀረው 13 በሙሉ የዘንድሮ መሆን ነበረበት። ስንት ቀን ቀረኝ ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ይህን አያይም፤ የየትኛው ዓመት እንደሆነም መጠየቅ አለበት።

በኮምፒውተር የሚሠሩ ቤቶች ላይ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንዳንዱ ሥርዓት የዓመቱን 18 ቀን በአንዴ አያሳይም፤ በየወሩ 1.5 እየጨመረ ይሄዳል። ያኔ የሚታየው ቁጥር ከተጠበቀው ቢያንስ የተበላ ቀን አለ ማለት ላይሆን ይችላል። በሰው ሀብት በኩል አቆጣጠሩን አንዴ ጠይቆ መረዳት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ጥያቄው «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ምልክት ይዞ ከቆየ ደግሞ አለቃው በቃል ቢፈቅድም ለሥርዓቱ ገና አልጸደቀም።

ፈቃዱ እንደታቀደው ካልሄደ ማረጋገጥ ይበልጥ ያስፈልጋል። በዕረፍት ላይ ሳለ የታመመ ሠራተኛ፣ የሕክምና ማስረጃ ካቀረበ ጉዳዩ በሕመም ፈቃድ ሥርዓት ይታያል፤ ማስረጃውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ከቀረ ግን እነዚያ ቀናት ከዓመት ዕረፍቱ ላይ ይሄዳሉ። ያልታሰበ አጣዳፊ ነገር ገጥሞ ከዕረፍቱ የተጠራ ሠራተኛም የቀሩት ቀናት መብቱ ናቸው፣ የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪውም የአሠሪው ነው። ጥሪው የመጣው በስልክ ከሆነ «በታዘዝኩት መሠረት ዛሬ ሥራ ገብቻለሁ» የሚል አጭር መልእክት በዕለቱ ይላክ። ይህ ካልሆነ መዝገቡ ላይ ሠራተኛው ሙሉውን ዕረፍት እንዳረፈ ሆኖ ይቀራል።

ስህተት ሲገኝም አቀራረቡ ያው ነው። «ቀኔን በላችሁት» ብሎ መግባት ሰውን ያስቆጣል እንጂ ቁጥሩን አያስተካክልም። ማረጋገጫውን አያይዞ፣ «በተፈቀደልኝ መሠረት 9 ቀን መቀነስ ሲገባ 10 ተቀንሷል፣ እንዲስተካከልልኝ» ብሎ መጻፍ፣ ከተስተካከለ በኋላም አዲሱን ቀሪ በጽሑፍ መቀበል ነው።

እነዚህ ቀናት በመጨረሻ ገንዘብ ናቸው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ለሠራተኛው በክፍያ ይሰጠዋል፤ ክሊራንስ ላይ ከመፈረም በፊት ቀሪ ቀኑን ከራስ ማስረጃ ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከተፈረመ በኋላ ጉድለት የተገኘ እንደሆነም ብዙ መዘግየት አይቻልም፦ በአዋጁ መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።