የስድስት ሳምንት የፊዚክስ ክለሳ እንዴት ይደለደላል?

«ሩቅ አስቦ ቅርብ አዳሪ» እንደሚባለው፣ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለብሔራዊው ፈተና ስድስት ሳምንት ሲቀረው የፊዚክሱን መጽሐፍ ከገጽ 1 ከፍቶ እስከ መጨረሻው እዘልቃለሁ ብሎ ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እንዲሁ አድርጎ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት የደረሰው ገና ከኤሌክትሪክ ሰርኪት ላይ ነበር፤ ማግኔትን ያየው በመጨረሻዋ ሌሊት ነው። በፈተናው ቀንም ስለ ማግኔት የተጠየቀውን ሁሉ በግምት አጠቆረ። እንግዲህ ጊዜው የሚደለደለው በመጽሐፉ ገጽ ሳይሆን በተማሪው ስሕተት መሆን እንዳለበት ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። ፈተናው ሐምሌ 1 ቀን ይጀመራል እንበል። ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ብንቆጥር ግንቦት 19 ላይ እንደርሳለን። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙው ተፈታኝ ፈተናውን የሚወስደው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ስለ ሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ዕቃ በመሸከፍ፣ በመንገድና አልጋ በመያዝ ያልፋሉ። ስለዚህ ጥናቱ ሰኔ 27 ላይ ማለቅ አለበት። ሌሎቹም ትምህርቶች ጊዜ ይፈልጋሉና ለፊዚክስ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ብንመድብ፣ በጠቅላላው የሚገኘው 51 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት የአራት ዓመት ትምህርት እንደገና ማንበብ አይቻልም፤ ስሕተትን መርጦ ማረም ግን ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንድ ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት፣ መጽሐፍ ዘግቶ፣ ሰዓት ይዞ መሥራት ነው። ወረቀቱ 50 ጥያቄ በ2 ሰዓት የሚል ከሆነ፣ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ያልተመለሰውንና የተሳሳተውን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ጽፎ፣ ከየአንዳንዱ ጐን ምክንያቱን ማስፈር ይገባል። ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው፤ ትምህርቱን አለማወቅ፣ አውቆ አቀማመጡን መሳት፣ ስሌት ማበላሸት፣ ጥያቄውን አጣሞ ማንበብ።

ይህን በምሳሌ እንየው። «አንድ ኳስ ከመሬት በ20 m/s ፍጥነት፣ ከአግድሙ 30° ከፍ ብሎ ተወረወረ። g = 10 m/s² ቢሆንና የአየር ግጭት ባይኖር፣ ተመልሶ ለጥ ባለው መሬት ላይ እስኪያርፍ ስንት ሴኮንድ ይፈጃል?» ምርጫዎቹ ሀ. 1፣ ለ. 2፣ ሐ. 3.5፣ መ. 4 ናቸው።

የሽቅቡ ፍጥነት 20 × sin 30° = 10 m/s ነው። ስበት በየሴኮንዱ 10 m/s ስለሚቀንስበት፣ ኳሱ በ1 ሴኮንድ ጫፍ ይደርሳል፤ በ1 ሴኮንድ ይመለሳል። መልሱ «ለ» ነው። ነገር ግን የቀሩት ሦስቱ ምርጫዎች በዘፈቀደ የተጻፉ አይደሉም። «ሀ»ን የመረጠ ተማሪ ትምህርቱን ያውቃል፤ ጫፍ እስኪደርስ ያለውን ብቻ አስልቶ ጥያቄውን ሳይጨርስ ቆሟል። «ሐ»ን የመረጠው በ sin ፈንታ cos ን ተጠቅሟል፤ ሥዕሉን ሳይሥል ቀመር ፈልጓል ማለት ነው። «መ»ን የመረጠው 20ውን እንዳለ ወስዷል፤ ፍጥነት የአግድምና የሽቅብ ክፋይ እንዳለው አላሰበም። ሦስቱም አንድ ነጥብ አጥተዋል፤ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄውን እንደገና ማንበብ፣ ሁለተኛው መሣል፣ ሦስተኛው ወደ ቬክተር ምዕራፍ መመለስ ይኖርባቸዋል።

አንድ ተማሪ ከ50ው 22ቱን ሳተ እንበል። ሲለያቸው 6ቱ ያልተማራቸው፣ 9ኙ አቀማመጣቸው የተሳተ፣ 4ቱ ስሌት፣ 3ቱ የንባብ ሆኑ። ከዘጠኙ አምስቱን ጠጋ ብሎ ቢያይ፣ አንዱ የተወረወረ ኳስ፣ ሁለቱ በተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ፣ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ፊልድ ናቸው። አርእስታቸው ሦስት ይምሰል እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ ቬክተርን ወደ ክፋዮቹ መለየት። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ተማሪ ይህን ሥር አያገኘውም።

ከዚህ በኋላ ድልድሉ እንደሚከተለው ይሆናል።

1ኛ ሳምንት፤ የሙከራው ወረቀት፣ የስሕተቱ መዝገብ፣ ቬክተርና እንቅስቃሴ።
2ኛ ሳምንት፤ የኒውተን ሕጎች፣ ሥራና ኢነርጂ፣ ሞሜንተም፣ የክብ እንቅስቃሴ።
3ኛ ሳምንት፤ የቆመ ኤሌክትሪክና ሰርኪት።
4ኛ ሳምንት፤ ማግኔትና ኤሌክትሪክ በአንድነት።
5ኛ ሳምንት፤ ሙቀት፣ ፈሳሽ፣ ኒውክለርና ኤሌክትሮኒክስ።
6ኛ ሳምንት (አራት ቀን)፤ ሙሉ የፈተና ወረቀትና የስሕተቱ ደብተር ብቻ።

ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። በማግኔት ፊልድ ውስጥ በቀጥታ አቋርጦ የሚሮጥ ቻርጅ ክብ ይሠራል፤ ጥያቄው የሚፈታውም qvB = mv²/r በማለት ነው። ቀኝ እጁ የሁለተኛው ሳምንት የክብ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ማግኔትን ከክብ እንቅስቃሴ በፊት ማስቀደም ድካም ነው፤ እስከ መጨረሻው ማቆየት ደግሞ በዚህ ጸሐፊ የደረሰውን ያደርሳል። የአምስተኛው ሳምንት አርእስቶች ግን እርስ በርሳቸው ብዙም አይደጋገፉም፤ ጊዜ ሲጠብ ከእነርሱ አንዱን መተው ሌላውን አይጐዳም።

በየሳምንቱ አራቱ ቀን ለአዲስ ጥያቄ፣ አምስተኛው ቀን ለስሕተቱ ደብተር፣ ስድስተኛው ቀን ከልዩ ልዩ አርእስት ለተውጣጡ 20 ጥያቄዎች ይሁን። አንድ የተሳተ ጥያቄ በማግሥቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ደግሞም ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ ተሸፍኖ እንደገና ይሠራል። መልሱን እያዩ «ይኸማ ገብቶኛል» ማለት ማወቅ አይደለም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ደብተሩን ዘግቶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሥዕሉንና የመጀመሪያውን መስመር መጻፍ ያቃተው ተማሪ ጥያቄውን ገና አልያዘውም።

ካልኩሌተር ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ ከየቀኑ ሰዓት የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ለእጅ ስሌት ይሰጥ። ለምሳሌ 2 × 10⁻⁶ C እና 3 × 10⁻⁶ C የሆኑ ሁለት ቻርጆች 0.3 m ተራርቀው ሲገፋፉ፣ ቁጥሮቹን ለብቻ፣ የ10 ኃይሎቹን ለብቻ መያዝ ነው። 9 × 2 × 3 = 54፤ ኃይሎቹ 9 − 6 − 6 = −3፤ ታች 0.3² = 9 × 10⁻²። ሲካፈል 6 × 10⁻¹፣ ማለት 0.6 N ይሆናል። 0.3ን ካሬ ማድረግ የረሳ 0.18 ያገኛል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሕመም ወይም የቤት ሥራ አንድ ሳምንት ቢበላስ? ያለፈውን በሌሊት ለማካካስ መሮጥ አይበጅም፤ ከአምስተኛው ሳምንት ይቀነስ። ከስድስተኛው ሳምንት ግን አይነካ። ምክንያቱም በሰኔ 24 የሚሠራው ወረቀት በግንቦት 19 ከተሠራው ጋራ ሲተያይ፣ ከዘጠኙ የአቀማመጥ ስሕተቶች ስንቱ እንደ ጠፋና ስንቱ ተመልሶ እንደ መጣ ያሳያል። ተመልሶ የመጣው ጥያቄ፣ ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት በቀሩት ሦስት ቀናት የሚሠራው እሱ ነው።