አርኬያ፦ በፈላ አሲድ ውስጥ የማይፈርስ ሽፋን

አርኬያና ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እምብዛም አይለዩም። ሁለቱም ነጠላ ሕዋስ ናቸው፤ ኒውክለስም የላቸውም። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 እ.ኤ.አ. የራይቦዞም አርኤንኤያቸውን አነጻጽረው የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን እስኪያሳዩ ድረስ አርኬያ እንደ ባክቴሪያ ይቆጠር ነበር። ለእኔ ግን ልዩነቱን በግልጽ የሚያሳየው ሕዋሱን የሚከበው ስስ ሽፋን ነው።

በባክቴሪያ ሽፋን ውስጥ ቀጥ ያሉ የቅባት አሲድ ሰንሰለቶች ከግሊሰሮል ጋር በኤስተር ማሰሪያ ይያያዛሉ። ስብ ከአልካሊ ጋር ፈልቶ ሳሙና የሚሆነው ይኸው ማሰሪያ ሲቆረጥ ነው፤ ትኩስ አሲድም ይቆርጠዋል። አርኬያ በዚህ ቦታ የሚጠቀመው ኤተርን ነው፤ ኤተር ደግሞ ለአሲድም ለአልካሊም በቀላሉ አይበገርም። ሰንሰለቶቹ ከአይሶፕሪን የተቀጣጠሉና በየመሀሉ አጫጭር ቅርንጫፍ ያወጡ ናቸው። ሙቀት ወዳድ በሆኑት ብዙ አርኬያዎች ሽፋኑ እንደ ባክቴሪያው ሁለት ንጣፍ አይደለም፤ አንዱ ሞለኪውል ከውጭ ጫፍ እስከ ውስጥ ጫፍ ይዘልቃል። የሚነጣጠሉ ንጣፎች ስለሌሉ ሃይድሮጅን አዮን እንደልቡ አይሰርግም። በአሜሪካ የሎስቶን ፍል ውሃዎች የተገኘው ሰልፎሎበስ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት፣ ፒኤች ከ2 እስከ 3 በሆነ አሲድ ውስጥ እየኖረ ውስጡን ለገለልተኛ ቅርብ አድርጎ የሚያቆየው በዚህ ሽፋን እየታገዘ ነው። እርግጥ ኤተር ያላቸው ጥቂት ባክቴሪያዎችም አሉ።

ግድግዳቸውም ይለያያል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ፔፕቲዶግላይካን አላቸው፤ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የእርሱን ግንባታ ነው። አርኬያ ፔፕቲዶግላይካን ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። ብዙዎቹ ከሽፋናቸው በላይ የሚለብሱት በሥርዓት የተደረደረ የፕሮቲን ልባስ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንካሬ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም አፋር ውስጥ ይታያል። በ2019 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን የዳሎልንና የአካባቢውን ውሃዎች መርምሮ ነበር። በአሳሌ ሐይቅ ጨው ውስጥ እጅግ ብዙ ዓይነት አርኬያ አገኘ። ፒኤቻቸው ዜሮ አካባቢና ከዚያም በታች በሆኑት ቢጫና አረንጓዴ የዳሎል ኩሬዎች ግን የሚኖር ነገር አላገኘም። እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው። ከውሃው የሚረጉ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ይመስላሉ፤ ትንሽ ዲኤንኤም ከጎብኚዎች ወይም ከቤተ ሙከራ ዕቃ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ የእንክብሎቹን ኬሚካዊ ይዘት ለካ፤ ዲኤንኤውን ምንም ናሙና ካልገባበት ባዶ ሙከራ ጋር አነጻጸረ፤ ከናሙናዎቹ ተሕዋስያን ለማሳደግም ሞከረ፤ ምንም አላደገም።

በአቅራቢያው ያሉት በማግኒዚየም የተሞሉ ሐይቆችም ሕይወት አልተገኘባቸውም። የማግኒዚየም ክሎራይድ ብዛት ሕዋስ ሊጠቀምበት የሚችለውን ውሃ ያሳጣል፤ የፕሮቲኖችን ቅርጽም ያፈርሳል። ኤተር የሚያጠነክረው ሽፋኑን ነው፤ በውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖች ከዚህ አያድናቸውም።