ከሱቁ ዋጋ ስንቱ ለዕቃው፣ ስንቱ ለስሙ?

በዋሽንግተን አካባቢ አንድ የባልትና መደብር ሥራ ላይ እንዳለ በ300,000 ዶላር ተሸጠ እንበል። ገዥና ሻጭ በዋጋው ቢስማሙም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከዚህ ገንዘብ ስንቱ ለማቀዝቀዣና ለወፍጮው፣ ስንቱ መደርደሪያ ላይ ላለው በርበሬና ሽሮ፣ ስንቱስ ለሱቁ ስምና ለለመዱት ደንበኞች ነው? ይህ የመጨረሻው ጉድዊል ይባላል።

አከፋፈሉ የሁለቱንም ግብር ይወስናል። የተሸጠው የኩባንያው አክሲዮን ሳይሆን ንብረቱ ከሆነ፣ የአሜሪካ የግብር ሕግ ጉድዊልን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። በቅድሚያ ሸቀጡ፣ ቀጥሎ መሣሪያው በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይገመታል፤ የተረፈው ጉድዊል ይሆናል። በመደብራችን ሸቀጡ በርክክቡ ዋዜማ ተቆጥሮ 40,000 ዶላር ወጣው፤ መሣሪያው 90,000 ተገመተ። ለጉድዊል 170,000 ቀረ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ገዥው መሣሪያው 140,000 ይባልልኝ ይላል። የመሣሪያን ዋጋ ባጭር ጊዜ፣ አንዳንዴም በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ከገቢው መቀነስ ይችላል፤ የጉድዊል ግን በ15 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚቀነሰው። 50,000ው ጉድዊል ከተባለ በዓመት 3,333 ዶላር ገደማ ብቻ ይቀንሳል።

ሻጩ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። መሣሪያውን ድሮ በ160,000 ገዝቶ፣ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ሲወስድበት በመዝገብ የቀረው 10,000 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚያገኘው፣ እስከ መግዣው ዋጋ ድረስ፣ እንደ መደበኛ ገቢ ይታያል። በራሱ ያፈራው ጉድዊል ግን ዝቅ ያለ ግብር ይከፈልበታል። መደበኛው ግብር 24 በመቶ፣ የጉድዊሉ 15 በመቶ ቢሆን፣ 50,000ው ወደ መሣሪያ መዛወሩ ሻጩን 4,500 ዶላር ያስወጣዋል።

መካከል ላይ ተገናኝተው 110,000 ቢሉስ? የሚጣጣም የገበያ ዋጋ ማስረጃ ካለ ይቻላል። ያገለገሉ መሣሪያዎች ነጋዴ የሰጠው ግምት ወይም የገምጋሚ ሪፖርት ለዚህ ይረዳል። በጽሑፍ የተስማሙበት ክፍፍል ሁለቱንም ያስራል፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ግን ተገቢ ካልመሰለው ሊቃወመው ይችላል። ሁለቱም ቅጽ 8594ን ሞልተው ከዓመቱ የግብር ማስታወቂያቸው ጋር ያያይዛሉ። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ምርመራ ሊጋብዙ ይችላሉ። በመሆኑም ክፍፍሉ ከፊርማ በፊት በውሉ ላይ መስፈር አለበት።

ከርክክብ በኋላ ዋጋው በ20,000 ቢቀነስ ቅናሹ መጀመሪያ የሚነካው ጉድዊልን ነው። 170,000 የነበረው 150,000 ይሆንና ለውጡ በማሟያ ቅጽ ይገለጻል።