ግብሩ ተከፍሏል፣ ዓመቱ ግን ተሳስቷል

በአሜሪካ በግሉ ታክሲ የሚነዳ ሰው የ2024ን የመጨረሻ ሩብ ዓመት ቅድመ ግብር የሚከፍለው በጃንዋሪ 2025 ነው። ስለዚህ በአይአርኤስ የክፍያ ገጽ ላይ ሳያስተውል «2025»ን ሊመርጥ ይችላል። የከፈለው 1,200 ዶላር ለ2025 ይመዘገባል፤ የ2024 ሒሳቡ ጎዶሎ ሆኖ ይታያል፤ ከወራት በኋላም የዕዳ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

ያኔ ድጋሚ ከመክፈልዎ በፊት የኢንተርኔት የግብር አካውንትዎን ከፍተው ገንዘቡ በየትኛው ዓመት እንደተመዘገበ ይዩ። ቀጥሎ ወደ 800-829-1040 ይደውሉ፤ የተከፈለበትን ቀን፣ መጠኑንና የማረጋገጫ ቁጥሩን ሰጥተው ወደ 2024 እንዲዛወር ይጠይቁ። ሲዛወር ገንዘቡ የሚታሰበው መጀመሪያ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ በእሱ ሰበብ የመጣው ቅጣትና ወለድ ይስተካከላል። የተዛወረውን ገንዘብ ግን በ2025 የግብር ማስታወቂያዎ ላይ እንደ ቅድመ ክፍያ አይሙሉት፤ አለዚያ ሌላ የዕዳ ደብዳቤ ይከተላል።