ስድስት ልጆች፣ አንድ የቡድን ስም

ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ለትምህርት ቤት ውድድር የቡድን ስም ሲመርጡ ጣጣው የሚጀምረው ከእንስሳው ነው። አህያ፣ ጅብና ጦጣ በእኛ ዘንድ ስድብ ስለሆኑ ከዝርዝሩ ይውጡ። ዝሆንና ቀጭኔ ስድብ ባይሆኑም ወፍራሟን ወይም ረጅሙን ልጅ ያስጠቁማሉ። ቀለምም እንዲሁ ነው፤ «ቀይ» እና «ጥቁር» የመልክ መጠሪያም ናቸውና፣ «ጥቁር አንበሳ» የቱንም ያህል የተከበረ ስም ቢሆን በመልኩ የሚቀለድበት ልጅ ካለ ይቅር። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ይበቃሉ።

እጅ ማስወጣት ደግሞ አያዋጣም፤ ልጆች ጓደኛቸውን እያዩ ያወጣሉ። እንበልና ለ6 ልጆች አረንጓዴ ዋልያ፣ ሰማያዊ ንስርና ቢጫ ነብር ቀረቡላቸው። መምህሯ ሦስት ኩባያ ከመጋረጃ ጀርባ ታስቀምጣለች፤ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ባቄላ ይዞ ይገባና በሁለት የተለያዩ ኩባያዎች ይጨምራል። ነብር 5፣ ንስር 4፣ ዋልያ 3 ቢያገኙ፣ ከስድስቱ አምስቱ ላሸነፈው ስም ባቄላ ሰጥተዋል ማለት ነው። በአንድ ባቄላ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ሁለት ሁለት ሊያገኙ ይችሉ ነበር።

ከድምፁ በፊት ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው «በየትኛው ስም ቢጠሩህ ይከፋሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ልጅ እንኳ የከፋበትን ስም፣ ምክንያቱን ሳትናገሩ፣ ከዝርዝሩ አውጡት።