ጥቁሩን ጠርዝ ማን አመጣው?

ሰፊ ቴሌቪዥን ገዝቶ የድሮ ድራማ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚከነክነው ከምስሉ ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ጠርዝ ነው። ሪሞቱን ያነሳና Full ወይም Stretch የሚለውን ይመርጣል፤ ስክሪኑ ጢም ይላል። ነገር ግን የተዋናዩ ጉንጭ ያብጣል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ ቁመቱ ያጠረ ይመስላል። ቀጭኗ ተዋናይት ወፍራም ትሆናለች። ብዙ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ እንዲሁ ተለጥጦ ለዓመታት ይታያል፤ ዓይን ስለሚለምደው ማንም አይነካውም። ጠርዙን ማጥፋት የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ የማይቻልበትም ጊዜ አለ። የሚወስነው ጠርዙን ያመጣው ማን እንደሆነ ነው።

የድሮው ቴሌቪዥን ወርዱ አራት እጅ፣ ቁመቱ ሦስት እጅ ነበር፤ በአጭሩ 4:3 ይባላል። የዛሬው 16:9 ነው። ይህን ቅርጽ በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያቀረበው ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የመረጠውም የድሮውን የቴሌቪዥን ምስልና ሰፊውን የሲኒማ ምስል በአንድ ስክሪን ለማስተናገድ ስለሚመች ነው፤ አንደኛው ከጎን፣ ሌላው ከላይና ከታች ተመጣጣኝ ክፍት ቦታ ይተዋል። ስለዚህ ጥቁሩ ጠርዝ ብልሽት አይደለም። ቅርጹ ከስክሪኑ የተለየ ምስል ሳይዛባ ሲቀመጥ የሚተርፈው ቦታ ነው።

በቁጥር እንየው። የተለመደው ሙሉ ኤችዲ ስክሪን በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት። የ4:3 ምስል ቁመቱን ሲሞላ ወርዱ 1440 ላይ ያበቃል፤ በግራ 240፣ በቀኝ 240 ነጥብ ጥቁር ይቀራል። ይህን ምስል ጎኑን ብቻ ስቦ ማስፋት ማለት ሁሉንም ነገር በሲሶ ማወፈር ነው፤ ስክሪኑ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር የነበረ ፊት 20 ይሆናል። Zoom ግን ወርዱንም ቁመቱንም እኩል ያሳድጋል። ፊቱ አይዛባም፤ በምትኩ ከምስሉ ቁመት ሩቡ ከስክሪኑ ውጭ ይወጣል። የሚወጣውም ከላይ የሰው ፀጉርና ግንባር፣ ከታች ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ቦታ ነው። እንግዲህ ለ4:3 ምስል ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ ጠርዙን መተው፣ ፊትን ማዛባት፣ ወይም ጭንቅላት መቁረጥ። አራተኛ የለም። እኔ ጠርዙን እንድትተዉት እመክራለሁ፤ የድሮ ድራማ ካሜራማን ሰውን ያስቀመጠው በዚያ ሬሾ አስቦ ነውና።

አሁን ወደ ምርመራው። በዲሽ የሚያይ ሰው በቴሌቪዥኑና በጣቢያው መካከል ሪሲቨር አለው፤ ጠርዙን ከሦስቱ ማንኛቸውም ሊያመጡት ይችላሉ። በሪሲቨሩ ሪሞት Info ተጫኑና የጣቢያው ስም የሚወጣበትን ሰሌዳ ተመልከቱ። ሰሌዳው ራሱ በጥቁሮቹ ጠርዞች መካከል ታጥሮ ከቀረ፣ ጠርዙን ያመጣው ቴሌቪዥኑ ነው፤ መፍትሔውም በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ነው። ሰሌዳው ጥቁሩን አልፎ ከዳር እስከ ዳር ከተዘረጋ ቴሌቪዥኑ ነጻ ነው፤ ጠርዙ የመጣው ከሪሲቨሩ ወይም ከጣቢያው ነው። እነዚህን ለመለየት ቻናል ቀይሩ። በሁሉም ላይ ካለ የሪሲቨሩ ቅንብር ነው፤ በአንዱ ብቻ ካለ ጣቢያው እንዲያ አድርጎ ነው የላከው።

ጣቢያው የላከውን ጠርዝ ምስሉን ሳይቆርጡና ሳያዛቡ ማጥፋት የሚቻልበት አንድ ሁኔታ አለ፤ በአራቱም በኩል ጥቁር ሲሆን ነው። ሰፊ ሆኖ የተቀረጸ ፊልም በድሮው 4:3 ቅጂ ውስጥ ከላይና ከታች ጥቁር ተጨምሮበት ይቀመጣል። ያ ቅጂ በዛሬው ስርጭት ሲተላለፍ ደግሞ ግራና ቀኙ ይጠቁራል። ፊልሙ በስክሪኑ መሃል ትንሽ መስኮት ሆኖ ይቀራል። ፊልሙ 16:9 ከሆነ መስኮቱ ወርዱ 1440፣ ቁመቱ 810 ነጥብ ነው። እንግዲህ በቴሌቪዥኑ Zoom በሲሶ ብታሳድጉት ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ይሆናል። ስክሪኑ ይሞላል፣ ፊት አይለጠጥም፣ የሚቆረጠውም ጥቁሩ ብቻ ነው። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ነጥቦቹ ስለተዘረጉ ነው፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ በተገናኘ ሪሲቨር ላይ የሚታይ ሌላ ችግር ደግሞ አለ። ከላይና ከታች ጥቁር አለ፤ ፊቱም ተጨፍልቆ ሰፍቷል። ሁለቱ አብረው ከታዩ፣ ሪሲቨሩ ቴሌቪዥኑን የድሮ መስሎት 4:3 LB በሚለው ቅንብር እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሰፊውን ምስል አሳንሶ ጥቁር ይጨምርበታል፤ ቴሌቪዥኑ በበኩሉ የመጣለትን ወደ ጎን ይስበዋል። እዚህ ላይ የቴሌቪዥኑን ሜኑ መነካካት ነገሩን ያወሳስበዋል። ሪሲቨሩ ውስጥ ገብታችሁ TV Aspect Ratio ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ቅንብር 16:9 አድርጉት፤ ሁለቱም ችግሮች አብረው ይጠፋሉ። ሁልጊዜም ሪሲቨሩ ይቅደም፣ ቴሌቪዥኑ ይከተል።

የቴሌቪዥኑ ቅንብር በሳምሰንግ Picture Size፣ በኤልጂ Aspect Ratio፣ በሶኒ Wide mode ይባላል። ከምርጫዎቹ ውስጥ ወርዱንና ቁመቱን እኩል የሚያሳድገውን ፈልጉ። ከሶኒ ምርጫዎች አንዱ የሆነው Wide Zoom መሃሉን ብዙም ሳይነካ ዳር ዳሩን ስለሚስብ ያታልላል፤ መሃል የቆመው ሰው ደህና ሲመስል፣ ከዳር የተቀመጠው ይወፍራል። በስም አትመኑ፤ በክብ ነገር መርምሩ። ክብ አርማ ያለው ጣቢያ ወይም የግድግዳ ሰዓት የሚታይበት ትዕይንት ፈልጉና ወርዱንና ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ። እኩል ከሆኑ ቴሌቪዥኑ ምስሉን አላዛባም። ምርመራው ክቡ በዳር ሲሆንም በመሃል ሲሆንም ይደረግ። ነገር ግን አርማውን ጣቢያው ከምስሉ በኋላ ስለሚለጥፈው፣ አርማው ክብ ሆኖ ሰዎቹ ብቻ ከወፈሩ ምስሉን የለጠጠው ጣቢያው ራሱ ነው። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን 4:3 ላይ አድርጉት፤ ጠርዙ ይመጣል፣ ሰዎቹም ወደ መልካቸው ይመለሳሉ።

ለሲኒማ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ወርዳቸው ከቁመታቸው 2.39 እጥፍ ነው፤ በሙሉ ኤችዲ ስክሪን ላይ ከላይና ከታች እያንዳንዳቸው 138 ነጥብ ገደማ ጥቁር ይተዋሉ። Zoom ሲደረጉ ከወርዳቸው ሩቡ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች ከዳርና ዳር ቆመው ሲነጋገሩ ሁለቱም በከፊል ይቆረጣሉ፤ ጥቁሩ ላይ የተጻፈ ትርጉም ካለም ሊጠፋ ይችላል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ባሉት እንደ ዩቲዩብ ባሉ መተግበሪያዎች ደግሞ ይህ ቅንብር ብዙ ጊዜ ደብዝዞ አልመረጥ ይላል፤ ቴሌቪዥኑ ስለተበላሸ አይደለም፣ አምራቹ ስለዘጋው ነው።

ቤታችሁ ያለውን ቴሌቪዥን ዛሬ ማታ በክብ ነገር ለኩት። ክቡ ተጨፍልቆ ካገኛችሁት፣ ጥቁሩ ቢመለስም ቅንብሩን አስተካክሉት።