ጤፉ የሚረክሰው የት ላይ ነው?

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ አንዲት እናት "ጤፍ አብረን ስንገዛ ዋጋው የሚቀንሰው ሻጩ አዝኖልን ነው?" ብለው ጠይቀው ነበር፤ ሰዓት አልቆ መልስ ሳይሰጣቸው ቀረ። የግዢ ኮሚቴው ለዛሬ መልሱን በቁጥር አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ የተባለው በዚያ ምክንያት ነው።

የሚያዝንልን ሻጭ የለም። ዋጋው የሚቀንስበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ምንጃር ሄደን 1 ኩንታል ብንገዛም 50 ኩንታል ብንገዛም የማይለወጥ ወጪ አለ። መኪናው የሚጠይቀው ኪራይ ያው ነው። ሄደው ጤፉን አይተው፣ መዝነው የሚረከቡት ሁለት ሰዎች ትራንስፖርትና አበልም ያው ነው። ኮንትራት ታክሲ ብቻችሁን ስትይዙና አራት ሆናችሁ ስትይዙ ሹፌሩ የሚቀበለው ሒሳብ አንድ ነው፤ ከየኪሳችሁ የሚወጣው ግን ይለያያል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። የጤፍ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚዋዥቅ ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮችን ወስጃለሁ፤ የትናንት የገበያ ዋጋ ነው ብላችሁ እንዳትይዙብኝ። በሠፈራችን ወፍጮ ቤት አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ 14,000 ብር ነው እንበል። ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ጤፍ ምንጃር ካለው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን በ12,200 ብር ይገዛል። አይሱዙ ለመከራየት 20,000 ብር፣ ለሁለቱ ሰዎች ወጪ 5,000 ብር፣ በድምሩ 25,000 ብር እናወጣለን። ለጫኝና አውራጅ በኩንታል 60 ብር፣ በመንገድ ለሚፈስና ከሚዛን ለሚጎድል ደግሞ በኩንታል 120 ብር እንያዝ።

50 ኩንታል ከጫንን 25,000 ብሩ ለ50 ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ ኩንታል 500 ብር ይደርሰዋል። ሁሉም ሲደመር አንድ ኩንታል እዚህ ደጃፋችን ሲደርስ 12,880 ብር ይሆናል። ከወፍጮ ቤቱ በ1,120 ብር ይረክሳል ማለት ነው። የተመዘገበው 20 ኩንታል ብቻ ቢሆንስ? ያው 25,000 ብር ለ20 ሲካፈል 1,250 ይመጣል፤ ጤፉም 13,630 ይገባል። ይረክሳል፣ ግን ለ370 ብር ያን ሁሉ ድካም የሚመርጥ ስንት ሰው ነው? 15 ኩንታል ላይ ስንደርስ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ሊወደድብን ይጀምራል። ስለዚህ ኮሚቴው "ትዕዛዙ 40 ኩንታል ካልሞላ መኪና አንከራይም" ያለው ግትርነት ይዞት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ጎልቶ አይታይም። ብዙዎቻችን ነጋዴው የሚጨምረው ሁሉ ትርፍ ይመስለናል። እውነቱን ለመናገር፣ ነጋዴው የሱቅ ኪራይ ይከፍላል፣ ጤፉ ተሸጦ እስኪያልቅ ገንዘቡ ይታሰራል፣ በዱቤ ሰጥቶ የሚቀርበትም አለ። እኛ ግን ጤፉ ሳይጫን በፊት ገዢውን እናውቃለን። ቅዳሜ ጠዋት ይራገፋል፣ ቅዳሜ ማታ እያንዳንዱ ኩንታል በየባለቤቱ ቤት ነው። መጋዘን አያስፈልገንም፣ የሚታሰርም ገንዘብ የለም። ይህ የሚሠራው ግን አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ ብቻ ነው። "አምጡልኝና እከፍላለሁ" ያለ አባል ገበያው በሳምንቱ 500 ብር ቢወርድ ሊቀር ይችላል። ያኔ ኩንታሉ ማኅበሩ ላይ ይወድቃል፤ እኛም ሳንፈልግ ነጋዴ እንሆናለን።

ሻጩም ቢሆን ለእኛ የሚቀንሰው በነጠላ ከመሸጥ ይልቅ ለራሱ ስለሚያዋጣው ነው። አንዴ መዝኖ፣ በአንድ ቀን፣ ገንዘቡን በባንክ ተቀብሎ ይጨርሳል። በተለይ ከጥር ጀምሮ ውቂያው አልቆ ጤፉ በብዛት ሲወጣ ቶሎ መሸጥ የሚፈልግ ገበሬ ይበዛል፤ ወደ ክረምት ሲጠጋ ግን የመደራደር አቅማችን ይቀንሳል። ዘንድሮ ግዢውን ወደ ጥር ያመጣነው ለዚህ ነው።

"ለምን ሽንኩርትም አብረን አንገዛም?" የሚል ጥያቄም መጥቷል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ እንደ በቆሎና ስንዴ ነቀዝ አያጠቃውም፤ ደረቅ ከሆነ ለወራት ይቀመጣል። ሽንኩርት ግን እንደ ጤፍ ስለማይቆይ ከዘገየ መበስበስ ይጀምራል፤ በመኪና ኪራይ ያተረፍነውን በመልቀም እንጨርሰዋለን። ለጊዜው እናቆየው።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት ልምጣ። በጅምላ መግዛት ጥቅሙንም ጉዳቱንም ያበዛል። አንድ ጆንያ ላይ 2 ኪሎ ቢጎድል ቤት ውስጥ አይታወቅም። በ50 ጆንያ ግን 100 ኪሎ ነው፤ አንድ ሙሉ ኩንታል፣ 12,200 ብር ማለት ነው። ስለዚህ የሚሄዱት ሰዎች "100 ኪሎ" ተብሎ የተጻፈበትን ሳያምኑ እያንዳንዱን ጆንያ ባስኩላ ላይ ያወጣሉ፤ የባዶውን ጆንያ ክብደትም ይቀንሳሉ። ጥራቱን ሲያዩ አፉ ላይ ያለውን ብቻ አይተው አይመለሱም፤ ነጩ ከላይ ሆኖ ሰርገኛው ከሥር ሊሆን ይችላልና። እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ከመሃል ይጨብጣሉ። ደረቅ ጤፍ በጣቶች መሃል ይንሸራተታል፣ እርጥቡ መዳፍ ላይ ይጣበቃል። እርጥብ ጤፍ የሚከፈልበት ለውኃውም ጭምር ነው፤ ከርሞም ይሻግታል። ቆንጥረው ጥርሳቸው ላይ ሲያደርጉት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አሸዋ አለበት፤ ያ ጆንያ ይመለሳል።

የቀረው የምንሸጥበት ዋጋ ነው። በዚሁ ስሌት ከሄድን ኮሚቴው በ12,880 ሳይሆን በ13,400 ብር ለአባላት እንዲሰጥ ይጠይቃል። "ታዲያ 520 ብሩን ማን በላው?" ትሉ ይሆናል። ማንም አይበላውም። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ በ1844 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች የሆኑ 28 ሰዎች ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ የራሳቸውን ሱቅ ሲከፍቱ ሕጋቸው ተመሳሳይ ነበር፤ በገበያው ዋጋ ሽጠው ትርፉን በመጨረሻ ለእያንዳንዱ በገዛው መጠን ይመልሱ ነበር። ዱቤም አይሰጡም ነበር። እኛም በወጪው ልክ ብንሸጥ መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ወይም ዝናብ ቢመታን መሸፈኛ የለንም። 520 ብሩ በማኅበሩ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ዓመቱ ሲዘጋና ኦዲት ሲደረግ፣ ሕጉ የሚያዘው መጠባበቂያ ተቀንሶ፣ አራት ኩንታል የገዛ አንድ ከገዛው አራት እጥፍ ያገኛል። በነፍስ ወከፍ እኩል ይካፈል የሚል ሐሳብ ያላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ፤ እኔ አልስማማበትም፣ ድምፅ ግን የእናንተ ነው።

ምዝገባው እስከ መጪው ዓርብ ነው። ስትመዘገቡ ማኛ፣ ነጭ ወይስ ሰርገኛ እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ንገሩን፤ ከአንዱ ዓይነት 5 ኩንታል ካልሞላ ለብቻው አንደራደርበትም። ግማሽ ኩንታል የምትፈልጉ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በአንድ ስም ተመዝገቡ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ ገንዘብ አትስጡ።